የካሳ ጥያቄን ውድቅ የሚያደርግ ደብዳቤ ምን ሊይዝ ይገባዋል?

«ጥያቄዎ የመድን ውሉን ድንጋጌዎች ስለማያሟላ ተቀባይነት አላገኘም።» በጅዳና በመካ የሚኖር ወገናችን ለደረሰበት የመኪና ጉዳት ካሳ ጠይቆ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የዘለለ አይደለም። ዓረፍተ ነገሯ በዐረብኛ ተጽፋ በስልክ መልእክት ትመጣለች። ተቀባዩ ቋንቋውን ለሚያነብ ጓደኛው ያሳያል፤ ጓደኛውም «አይከፍሉህም ነው የሚሉት» ብሎ ይተረጉምለታል። ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። የትኛው ድንጋጌ እንዳልተሟላ፣ ያ ድንጋጌ ምን እንደሚል፣ ኩባንያው በምን ማስረጃ እዚያ ድምዳሜ ላይ እንደደረሰ፣ ያልተስማማ ሰውስ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ነገር በመልእክቱ ውስጥ የለም።

ኩባንያ የማይገባውን ካሳ አልከፍልም ማለቱ መብቱ ነው። ሁሉም ጥያቄ ይከፈል ብሎ የሚከራከር ሰው የመድንን አሠራር አያውቅም፤ ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ዐረቦን ላይ ተጨምሮ ከሌላው ደንበኛ ኪስ ይወጣልና። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው። ክልከላው ትክክል ይሁን አይሁን ሊታወቅ የሚችለው ደብዳቤው በአግባቡ ሲጻፍ ብቻ ነው። ከዚህም አልፎ፣ ደብዳቤውን በአግባቡ ለመጻፍ የተቀመጠ የካሳ ሠራተኛ ክልከላው ስሕተት መሆኑን ብዙ ጊዜ የሚደርስበት እዚያው ጽሑፉ ላይ ሳለ ነው።

ነገሩን ለማየት የግዴታውን የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን እንውሰድ፤ በሳዑዲ ዐረቢያ መኪና የሚያሽከረክር ሁሉ የሚያገኘው እሱን ነውና። ይህ ውል ከኩባንያ ኩባንያ አይለያይም። መንግሥት ያወጣው አንድ ወጥ ጽሑፍ ስለሆነ ሁሉም ኩባንያዎች የሚሸጡት ያንኑ ነው። አንድ መኪና በሌላው ላይ ጉዳት ሲያደርስ፣ የሰው አካል እስካልተጎዳ ድረስ፣ የ«ነጅም» ሠራተኛ ወይም የስልክ መተግበሪያው ሁኔታውን መዝግቦ የጥፋቱን ድርሻ በመቶኛ ያስቀምጣል። የጥገናውን ዋጋ ደግሞ «ተቅዲር» ይገምታል። ተጎጂው እነዚህን ሁለት ወረቀቶች፣ መታወቂያውን፣ የመኪናውን ፈቃድና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ይዞ ጥያቄውን የሚያቀርበው ጥፋተኛው ወገን ለተዋዋለው ኩባንያ ነው። የተጎጂው የራሱ ኩባንያ በዚህ ውስጥ የለበትም። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አስቀድሞ መናገሩ አይከፋም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። በጅዳ የመዲና መንገድ ላይ የሚጓዝን አንድ ወገናችንን ከመጋቢ መንገድ ቅድሚያ ሳይሰጥ የወጣ መኪና ገጨው እንበል። የነጅም ዘገባ ለወጣው መኪና 75 በመቶ፣ ለእኛው ሰው ደግሞ ከተፈቀደው በላይ ይፈጥን ስለነበር 25 በመቶ ጥፋት ሰጠ። ሰውየው መኪናውን ጋራዥ ወሰደ። ጋራዡ የፊት ለፊቱን ጉዳት በ6,000 ሪያል፣ የኋላውን ግራ በር ደግሞ በ1,400 ሪያል፣ በድምሩ በ7,400 ሪያል ለመጠገን ዋጋ ሰጠው። ተቅዲር ግን የፊቱን ጥገና ብቻ በ5,200 ሪያል ገመተ፤ በሩን ከግምቱ አላስገባውም። ሰውየው 7,400 ሪያል ጠየቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ 3,900 ሪያል ባንኩ ገባ፤ አብሮም «ቀሪው ጥያቄዎ የውሉን ድንጋጌዎች ስለማያሟላ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልእክት ደረሰው።

ሒሳቡን ብንፈትሸው ስሕተት የለበትም። የ5,200 ሪያል 75 በመቶ 3,900 ሪያል ነው። ይሁን እንጂ የተከለከለው 3,500 ሪያል አንድ ነገር አይደለም፤ ሦስት ልዩ ልዩ ምክንያቶች በአንድ ላይ ተጠቅልለው የቀረቡበት ነው። 1,400 ሪያሉ የኋላ በሩ ነው። 800 ሪያሉ በጋራዡ ዋጋና በተቅዲር ግምት መካከል ያለው ልዩነት ነው። 1,300 ሪያሉ ደግሞ የሰውየው የራሱ የጥፋት ድርሻ፣ ማለትም የ5,200 ሩብ ነው። ሦስቱም በተለያየ አንቀጽ ይዳኛሉ፣ በተለያየ ማስረጃ ይቆማሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አቤቱታቸው የሚቀርበው በተለያየ ደጃፍ ነው። መልእክቱ ሦስቱን በአንድ ስለጠቀለላቸው ተቀባዩ የትኛውን መቃወም እንደሚችል እንኳ አያውቅም።

በሩን እንመልከት። ኩባንያው በሩን የከለከለው ውሉ አንድን ነገር ስለሚያገል ሊመስል ይችላል፤ ጉዳዩ ግን የማግለል አይደለም። ውሉ የሚሸፍነው በአደጋው ምክንያት የደረሰውን ጉዳት ነው፤ ግጭቱ ከፊት ሆኖ ሳለ የኋላው በር ቢሰረጎድ፣ ያ ጉዳት መጀመሪያውኑ ወደ ሽፋኑ አልገባም ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መጥቀስ ያለበት ሽፋኑን የሚወስነውን አንቀጽ እንጂ የማግለያዎቹን ዝርዝር አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጉዳቱ ከአደጋው የመጣ መሆኑን ማሳየት የጠያቂው ሥራ ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለ ጉዳት በማግለያ ምክንያት እንደማይከፈል ማሳየት ግን የኩባንያው ሥራ ነው። የተሳሳተ አንቀጽ የጠቀሰ ደብዳቤ የማስረዳቱን ሸክም ሳይታወቅ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ኩባንያው በተጨማሪ በምን ተመርኩዞ እንዲህ እንዳለ መናገር አለበት፦ በአደጋው ቦታ የተነሡት ፎቶዎች የኋላውን በር ሳይነካ ያሳያሉን? ወይስ በሩ ላይ የቆየ ዝገት ታይቷል? ይህ ከተጻፈለት ሰውየው መልስ ሊሰጥ ይችላል። መኪናው ከግጭቱ በኋላ ዞሮ የኋላ ጎኑ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ከሆነ፣ ያንን የሚያሳይ ፎቶ ወይም ከአደጋው በፊት በሩ ደኅና እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል ያቀርባል። ካልተጻፈለት ግን ምን እንደሚያቀርብ አያውቅም፤ ስለ ፍጥነቱ ሲከራከር ይውላል።

የ800 ሪያሉ ልዩነት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ኩባንያው የጋራዡን ዋጋ ያልተቀበለው ውሉ ካሳ በምን ዓይነት ግምት እንደሚሰላ ስለሚናገር ነው። ሰውየው ግምቱ አንሷል ብሎ የሚያምን ከሆነ፣ ለምሳሌ ተቅዲር የፊት መብራቱን ጥገና እንጂ ምትክ አልቆጠረ ከሆነ፣ ኩባንያውን መውቀስ ትርፍ የለውም፤ ተቃውሞው መቅረብ ያለበት በግምቱ ላይ፣ ግምቱን ለሰጠው አካል ነው። የጥፋት ድርሻውም እንዲሁ ነው። ኩባንያው 25 በመቶውን አልፈጠረውም፤ ከነጅም ዘገባ ላይ ወሰደው። መቶኛው ትክክል አይደለም የሚል ሰው ተቃውሞውን ለነጅም ወይም ለትራፊኩ፣ እኛ እዚህ «መሩር» ለምንለው፣ ያቀርባል። መቶኛው ከተለወጠ የኩባንያው ሒሳብ ተከትሎ ይለወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ጥፋት ድርሻው ለኩባንያው የካሳ ክፍል ደጋግሞ ሲጽፍ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የካሳ ክፍሉም በየጊዜው «በዘገባው መሠረት ነው» እያለ እውነቱን ይመልስለታል። በሁለቱ መካከል የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህን ድርሻ ካልተቀበሉት ተቃውሞዎን የሚያቀርቡት ለእገሌ አካል ነው።»

ስለ አቤቱታ መብት የሚናገረው ክፍል በብዙ ደብዳቤዎች ውስጥ እንደ ፊርማ ማሟያ ከታች የሚለጠፍ፣ ለማንም የሚላክ አንድ ዓይነት አንቀጽ ሆኖ መቅረቱ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። አቤቱታው ምክንያቱን ተከትሎ መሄድ አለበት። ሦስት ምክንያት ያለው ክልከላ ሦስት መንገድ ሊያሳይ ይገባዋል።

ከዚህ የከፋው ግን አንቀጹ ተጠቅሶ፣ ደብዳቤውም ሥርዓት ያለው መስሎ፣ የተጠቀሰው አንቀጽ ከነአካቴው የክልከላ አንቀጽ ሳይሆን ሲቀር ነው። ይህ በሦስተኛ ወገን መድን ላይ በተለይ ሊጠና የሚገባው ስሕተት ነው። በአንድ ወጡ ውል ውስጥ ኩባንያው በራሱ ደንበኛ ላይ ተመላሽ የመጠየቅ መብት የሚያገኝባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። ደንበኛው ቀይ መብራት ጥሶ ከሆነ፣ ከተፈቀደው አቅጣጫ በተቃራኒ ነድቶ ከሆነ፣ በአስካሪ ወይም በአደንዛዥ ነገር ተይዞ ከሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ነድቶ ከሆነ፣ ኩባንያው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ዞሮ የከፈለውን ከደንበኛው ሊጠይቅ ይችላል። የነገሩ ቁልፍ «ከከፈለ በኋላ» የሚለው ነው። ዝርዝሩ በኩባንያውና በደንበኛው መካከል ያለ ሒሳብ ነው፤ በመንገድ ላይ የተጎዳውን ሦስተኛ ሰው አይመለከተውም። የግዴታ መድን የተደነገገበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። በጣም ጥፋተኛ የሆነው አሽከርካሪ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ተጎጂው በእሱ አቅም ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ሕጉ ኩባንያውን በመካከል አቆመ።

እንግዲህ በምሳሌያችን የወጣው መኪና መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው ይነዳ ነበር እንበል፤ ለእኛውም ሰው «አሽከርካሪው ፈቃድ ስላልነበረው በውሉ አንቀጽ እገሌ መሠረት ካሳ አይከፈልም» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው አንቀጽ ጠቅሷል፣ ምክንያትም ሰጥቷል፣ የተጠቀሰው ፍሬ ነገርም እውነት ነው። ሆኖም ስሕተት ነው። ይህን ለማወቅ የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የተጠቀሰውን አንቀጽ አውጥቶ ርእሱንና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ተመላሽ የሚናገር ከሆነ ደብዳቤው በተሳሳተ ሰው ላይ ተጽፏል። ደብዳቤ ጻፊው የአንቀጹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአንቀጹን ቃል እንዳለ እንዲገለብጥ የምንጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው። «ኩባንያው ለተጎጂው የከፈለውን ከደንበኛው ለማስመለስ መብት ይኖረዋል» የሚለውን ቃል በገዛ እጁ የገለበጠ ሠራተኛ ከሥሩ «ስለዚህ ለተጎጂው አንከፍልም» ብሎ መጻፍ ይከብደዋል።

ቃሉን መገልበጥ ሌላም ጥቅም አለው። የውሉ ጽሑፍ በየጊዜው ይሻሻላል፣ አንቀጾቹም ቦታ ይቀያየራሉ። ደብዳቤው መጥቀስ ያለበት አደጋው በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ የነበረውን እንጂ ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን የወጣውን አይደለም። ቁጥር ብቻ የያዘ ደብዳቤ የትኛውን ቅጂ እንደያዘ አይታወቅም፤ ቃሉን የያዘ ግን ከየትኛውም ቅጂ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

ለምሳሌያችን ሰው ሊጻፍ ይገባው የነበረው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ አይሆንም። በእኔ ግምት እንዲህ ቢሆን በቂ ነበር፦

«የካሳ ጥያቄዎን ከነሙሉ ማስረጃው በዚህ ቀን ተቀብለናል። ከጠየቁት 7,400 ሪያል ውስጥ 3,900 ሪያል ተቀብለን በዚህ ቀን ወደ ሒሳብዎ አስገብተናል። ቀሪውን 3,500 ሪያል ያልተቀበልነው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ለኋላው ግራ በር የጠየቁት 1,400 ሪያል፦ የውሉ አንቀጽ (ቁጥሩና ቃሉ) ሽፋኑን በአደጋው በደረሰ ጉዳት ይወስነዋል። በአደጋው ቦታ የተነሡት አራት ፎቶዎች የበሩን ደኅንነት ስለሚያሳዩ ጉዳቱ ከአደጋው የመጣ መሆኑን ልንቀበል አልቻልንም፤ ፎቶዎቹ ተያይዘዋል። የተለየ ማስረጃ ካለዎት ለዚህ ክፍል ቢያቀርቡ ጉዳዩን ቀድሞ ባልወሰነው ሠራተኛ እንደገና እናያለን። ሁለተኛ፣ በጋራዡ ዋጋና በተቅዲር ግምት መካከል ያለው 800 ሪያል፦ የውሉ አንቀጽ (ቁጥሩና ቃሉ) ካሳው በግምቱ እንዲሰላ ያዛል። ግምቱን ካልተስማሙበት ተቃውሞዎን ለተቅዲር ያቀርባሉ፤ ግምቱ ከተለወጠ ልዩነቱን እንከፍላለን። ሦስተኛ፣ 1,300 ሪያል የ5,200 ሪያል 25 በመቶ ሲሆን፣ ዘገባው የሰጠዎት የጥፋት ድርሻ ነው፤ የውሉ አንቀጽ (ቁጥሩና ቃሉ) ከደንበኛችን ድርሻ በላይ እንድንከፍል አያስገድደንም። ድርሻውን ካልተቀበሉት ተቃውሞዎን ለነጅም ወይም ለትራፊክ ያቀርባሉ፤ ከተለወጠ ሒሳቡን እናስተካክላለን። የተከፈለዎትን 3,900 ሪያል መቀበልዎ ቀሪውን የመጠየቅ መብትዎን አይነካም። በመልሳችን ካልረኩ ለኩባንያችን የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ለኢንሹራንስ ባለሥልጣን፣ ከዚያም የመድን ክርክሮችን ለሚወስኑት ኮሚቴዎች ማቅረብ ይችላሉ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም የማጽናኛ ቃል የለም፤ አያስፈልግምም። «ለተፈጠረው ሁሉ እናዝናለን፣ ደንበኝነትዎን እናከብራለን» የሚሉት መግቢያዎች ቦታ ይዘው ቁም ነገሩን ወደ ታች ይገፉታል። ሰውየው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ስንት እንደተከፈለውና ስንት እንደቀረበት ነው።

ከደብዳቤው ሁለት ነገሮች ማብራሪያ ይሻሉ። አንዱ ገንዘቡን መቀበል መብትን አይነካም የሚለው ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ክርክር የሌለበትን ገንዘብ እንኳ የሚከፍሉት ተጎጂው «ሙኻለሳ»፣ ማለትም «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብዬ ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት ሲፈርም ብቻ ነው። የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ መኪናው ቆሞ ሥራ የፈታ ሰው ይፈርማል። በእኔ እምነት ይህ አሠራር ፍትሐዊ ክልከላን ከሥሩ የሚያፈርስ ነው፤ አቤቱታ ይቻላል ብሎ በደብዳቤው ጽፎ አቤቱታውን በሌላ ወረቀት ማስፈረሚያ መዝጋት ነውና። ወረቀቱን ለመፈረም የተገደደ ሰው ቢያንስ «ስለ ቀሪው ያለኝ ጥያቄ እንደተጠበቀ ነው» የሚል ቃል ከፊርማው በላይ በእጁ ቢጽፍ ከሙሉ መዝጊያ ይሻላል። ኩባንያው እንዲህ ያለውን ወረቀት አልቀበልም ካለ ደግሞ ያንኑ አለመቀበሉን በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

ሌላው ጥያቄው ከነሙሉ ማስረጃው የደረሰበት ቀን ነው። የሳዑዲ ደንብ ለግለሰብ የካሳ ጥያቄ ማስረጃው ተሟልቶ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ 15 ቀን ይሰጣል። ቀኑ የሚቆጠረው ማስረጃው «ሲሟላ» በመሆኑ፣ ሳምንቱን ሁሉ አንድ አንድ ወረቀት እየጠየቀ ቆጠራውን ሳያስጀምር የሚቆይ የካሳ ክፍል ሊኖር ይችላል። ፍትሐዊ አሠራር የጎደለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ዝርዝር መጠየቅ ነው። በክልከላው ደብዳቤ ላይም ማስረጃው የተሟላበት ቀን ካልተጻፈ መዘግየቱን ማንም ሊያሳይ አይችልም። በተመሳሳይ መንገድ፣ አንድ ኩባንያ በመጀመሪያው ደብዳቤ ያላነሣውን ምክንያት ተጎጂው የመጀመሪያውን ሲያፈርስበት በሁለተኛው ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ፣ ሠራተኛው ክልከላውን ወስኖ ምክንያቱን በኋላ እንደፈለገለት ያሳብቃል። ሁሉም ምክንያቶች በመጀመሪያው ደብዳቤ ይግቡ።

የአቤቱታውን መሰላል በአጭሩ ልናገር። የኢንሹራንስ ባለሥልጣኑ፣ በዐረብኛ «ሀይአት አት-ተእሚን» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተቋቋመ ነው፤ ከዚያ በፊት የመድን ኩባንያዎች ቁጥጥር የማዕከላዊ ባንኩ፣ የ«ሳማ» ሥራ ነበር። በእጃቸው አሮጌ የክልከላ ደብዳቤ ያለ ሰዎች በላዩ የሳማን አድራሻ ቢያገኙ አይደነቁ። ከባለሥልጣኑ ቀጥሎ ያሉት ኮሚቴዎች በ2003 በወጣው የትብብር መድን ኩባንያዎች ቁጥጥር ሕግ የተቋቋሙ፣ የመድንን ክርክር ብቻ የሚያዩ ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔያቸው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ክርክሩን ለኮሚቴዎቹ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ደግሞ አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ፎቶዎችና የጋራዥ ደረሰኞች ግን ይህን ያህል አይቆዩም፣ የስልክ መልእክትም ስልክ ሲቀየር ይጠፋል። ስለዚህ መልእክቱን ባለበት ቀን ቀርጾ ማስቀመጥ ይበጃል።

ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ይህን የጊዜ ልክ ይዞ እንዳይሄድ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ የመድን ውልን የሚመለከተውን ክፍል አልነካውም፤ ዛሬም የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል። በአዲስ አበባ ወይም በደሴ የካሳ ክልከላ ደብዳቤ ደርሶት «በጅዳ አምስት ዓመት ነበር» ብሎ የተቀመጠ ሰው በሦስተኛው ዓመት የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው። የክልከላ ደብዳቤ የይርጋውን ቀን መጻፍ አለበት የምለው ስለዚህ ነው፦ «ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በዚህ ቀን ያበቃል» የሚል አንድ መስመር። ኩባንያዎች ይህን መስመር የማይወዱት ለተቃዋሚያቸው ምክር የሰጡ ስለሚመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን ደንበኛቸው ሕጉን ባለማወቁ የሚያተርፉት ገንዘብ ከመድን ሥራ የተገኘ ገቢ አይደለም።

የቋንቋው ጉዳይ ይቀራል። ሕጋዊው ጽሑፍ ዐረብኛው ነው፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈው ከእሱ ቢለያይ ዐረብኛው ይጸናል። ስለዚህ ኩባንያዎች በአማርኛ ይጻፉልን ብሎ መጠየቅ ተገቢም የሚቻልም አይመስለኝም። የሚቻለው ዐረብኛው እንዲተረጎም ሆኖ መጻፉ ነው። በመካም ሆነ በጅዳ ሰፈሮች ደብዳቤ የሚያነብልን ሰው ብዙውን ጊዜ ዐረብኛን ከገበያና ከሥራ የተማረ ወንድም ወይም እኅት ናት፤ «መርፉድ» የሚለውን ቃል ታውቃለች፤ አምስት መስመር የሚረዝም የሕግ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን የተከለከለው ሁሉ ይሁን ከፊሉ መለየት ይቸግራታል። ገንዘቡ በአኀዝ፣ ምክንያቶቹ በተራ ቁጥር፣ የሚሄዱበት አካል በስሙ ከተጻፈ ማንም አንባቢ ሊሳሳት አይችልም። ተርጓሚ ሆነው የሚረዱ ወገኖችም «አይከፍሉህም» ከሚለው ጥቅል ቃል ይልቅ ሦስት ነገር ለይተው ቢነግሩ ይጠቅማሉ፦ ስንት ሪያል እንደተከለከለ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰ፣ አንቀጹ ስለ ሽፋን፣ ስለ ማግለል ወይስ ስለ ተመላሽ እንደሚናገር። ደብዳቤው አንቀጽ ካልጠቀሰ ይህንኑ ይንገሩና፣ ለኩባንያው የሚላከውን የሁለት መስመር መልስ ይጻፉለት፦ «ጥያቄዬን የከለከላችሁበትን የውሉን አንቀጽ ከነቃሉና የተመሠረታችሁበትን ማስረጃ በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።» የላኩበትንም ቀን በቅጂው ላይ ይመዝግቡ፤ ጉዳዩ ወደ ባለሥልጣኑ የሚሄድ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ኩባንያው ቅሬታው መቼ እንደደረሰውና ምን እንደመለሰ ነው።